ሁለቱም ወላጆች ለሞቱበት ልጅ ሞግዚት ስትሆኑ፦ ከማመልከቻ እስከ ሂሳብ ርክክብ

ወንድሜ ሲሞት ባለቤቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። ሦስት ልጆች ቀሩ። ትልቁ 22 ዓመቱ፣ ሴቷ 13፣ ትንሹ 9። ከለቅሶው ድንኳን ሥር ዘመድ ሁሉ «አይዞሽ፣ እኛ አለን» አለኝ። ሣልስቱ ሲወጣ ግን ልጆቹና እኔ ብቻ ቀረን፣ ከጥቁር ከረጢት ሙሉ ወረቀት ጋር።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው። ጉዳዩ አዲስ አበባ ነው የሆነው፣ ስለዚህ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ነው የሚመለከተው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው፣ ዝርዝሩን ግን እዚያው ጠይቁ።

መጀመሪያ፦ አሳዳሪና ሞግዚት አንድ አይደሉም

ከተማ ውስጥ ሞግዚት ስንል ልጅ የምትጠብቀዋን ሠራተኛ ነው የምናስበው። ሕጉ ላይ ሌላ ነው። ልጁን የሚያሳድገው፣ የት እንደሚኖርና የት እንደሚማር የሚወስነው አሳዳሪ ይባላል። የልጁን ንብረትና ገንዘብ የሚያስተዳድረው፣ ባንክና ፍርድ ቤት በልጁ ስም የሚቆመው ደግሞ ሞግዚት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሁለቱንም ይሆናል። ግን ሁለት ሰው ሊሆንም ይችላል። አያት ታሳድግ፣ ሒሳብ የሚችል አጎት ንብረቱን ይያዝ ማለት ይቻላል።

ማን ይሆናል? ከሁለቱ ወላጆች በመጨረሻ የሞተው በኑዛዜው ሰው ሰይሞ ከሆነ ከዚያ ይጀመራል። ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ አያቶች፣ ከዚያ አካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህት፣ ከዚያ አጎትና አክስት ናቸው። ይህ ተራ ግን የማይነቃነቅ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በወሰነው ጉዳይ አባት እንኳ በሕይወት እያለ ልጁን ስታሳድግ ለቆየችው አክስት ፈርዷል። ሚዛኑ የልጁ ጥቅም ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ «ተራው የኔ ነው» ከማለት «ልጁ ከኔ ጋር እንዲህ እየኖረ ነው» ማለት ይበልጥ ይጠቅማል።

እኛ ቤት አያትየው ገጠር ናቸው፣ አቅም የላቸውም። ቀጥሎ ትልቁ ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን እሱ ራሱ ወራሽ ነው። ሞግዚት ቢሆን ድርሻ ሲከፈል በጠረጴዛው በሁለቱም በኩል ሊቀመጥ ነው፤ በአንድ በኩል ለራሱ፣ በሌላው ለእህትና ለወንድሙ። ይህ ሲያጋጥም ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሌላ ሰው እንዲሾም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ ከማስከተል ተመካክረን እኔ ገባሁ። እሱም ችሎት ቀርቦ «እስማማለሁ» አለ።

ወረቀቶቹን ሰብስቡ፣ የሁለቱንም ወላጅ

የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መከናወን አለበት። ካለፈ አይቀርም፣ ግን ምልልሱ ይበዛል። ሆስፒታል የሞተ ከሆነ የሆስፒታሉን ወረቀት አትጣሉ።

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። የወንድሜን የሞት ማስረጃ ይዤ ሄድኩ፣ የሚስቱን ግን ማንም አላወጣም ነበር። እሷ ስትሞት ቤቱ በወንድሜ ስም ስለነበር «ምን ያደርጋል» ተብሎ ታለፈ። ግን ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ነው። ግማሹ የእሷ ነበር፣ እሷ ስትሞት ያ ግማሽ ወደ ልጆቿ ነው የሄደው። ስለዚህ ወራሽነት የሚረጋገጠው ሁለት ጊዜ ነው፣ ከእናትም ከአባትም። ይህ ወረቀት ማብዛት እንዳይመስላችሁ። አባትየው ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ የአባቱን ግማሽ ይካፈላል፣ የእናትየውን ግማሽ ግን አይነካም። ሁለቱን ውርስ ካልለያችሁ ይህ ስሌት ይጠፋል።

ከሞት ማስረጃዎቹ ሌላ የያዝኩት የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት፣ የኔን መታወቂያ፣ ዝምድናዬን የሚያሳይ ማስረጃና ቤተሰቡን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ከነመታወቂያቸው ነበር። ምስክር ስትመርጡ ልጆቹን በስም የሚያውቅ ጎረቤት ይሻላል። አንዱ ምስክራችን የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ፣ ዳኛዋ «ስንት ልጆች ናቸው?» ሲሏቸው ከነዕድሜያቸው ዘረዘሩ።

ፍርድ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ክልል ከሆናችሁ ብዙውን ጊዜ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ ክርክር ከሌለበት ጠበቃ የግድ አይደለም። ማመልከቻው አጭር ነው፦ ማን እንደሞተ፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ እናንተ ምን እንደምትሆኗቸው፣ ምን እንደምትጠይቁ። ቃለ መሐላ ይያያዛል፣ መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ምስክር ይሰማል።

ማመልከቻው ላይ አንድ ነገር አስተካክሉ። «ሞግዚት እንድሆን» ብቻ ካላችሁ ትምህርት ቤትና ፓስፖርት ላይ «አሳዳሪነቱስ?» ትባላላችሁ። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ «አሳዳሪና ሞግዚት» ብላችሁ ጻፉ። የልጆቹም ስም በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ባለው ፊደል ልክ ይሁን። የኛ ትንሹ ልጅ ስም ውሳኔው ላይ በ«ሐ» ሰርተፍኬቱ ላይ በ«ሀ» ተጽፎ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ መልሶኛል። የተረጋገጠ ግልባጭ ስታወጡ አምስት ስድስት አድርጉት፣ ባንክ አንድ ይወስዳል፣ ጡረታ አንድ፣ ትምህርት ቤት አንድ።

በመጀመሪያው ሳምንት ንብረቱን ጻፉ

ውሳኔው እንደወጣ፣ ማንም ምንም ሳያነሳ፣ ሁለት ሦስት ዘመድ አስቀምጣችሁ ዝርዝር ሥሩ። ሁሉም ይፈርም። የኛ ዝርዝር ላይ የነበረው፦ ቤቱ ከነካርታው፣ ጓሮ ያሉት ሦስት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ ባንክ ያለ 186,000 ብር፣ አንድ አሮጌ መኪና፣ የእናትየው ወርቅ፣ የቤት ዕቃ። ወርቁን ወርቅ ቤት ወስደን አስመዘንን፣ ፎቶ አነሳን፣ ግራሙን ጻፍን። የሚጠፋው መጀመሪያ ወርቅ ነው። «ለማስታወሻ አንዷን ቀለበት ልውሰድ» የሚል ዘመድ መጣ፣ በፍቅር ነው ያለው፣ ግን ሞግዚት የልጅን ንብረት ለሰው መስጠት አይችልም። ቀለበቷ የልጆቹ ናት።

ሁለት የተለመዱ ጥፋቶች አሉ። አንደኛው የሟቹን ኤቲኤም ካርድ ይዞ ገንዘብ ማውጣት ነው። ለቀብር ቢሆንም አታድርጉት። ያ ገንዘብ የወራሾቹ ሆኗል፣ ኋላ የባንክ መግለጫው ላይ ከሞት ቀን በኋላ የወጣው ሁሉ ከነሰዓቱ ይታያል። የቀብር ወጪ ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ በኋላ ከውርሱ ይተካል። ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣን ጥያቄ በይሉኝታ ማመን ነው። ከአርባው ቀን በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «ወንድምሽ 80,000 ብር ተበድሮኛል» አለኝ። ወረቀት የለም። ላምነው ነበር፣ ሽማግሌ ሰው ነው። የሚያውቅ ወዳጅ ነው ያቆመኝ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ። እኔ «አዎ» ብዬ የማምነው ከሕፃናት ኪስ ነው። «ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ፣ ከሌለ መብትዎን በፍርድ ቤት ይጠይቁ» አልኩ። አልተመለሰም። አንድ ግንበኛ ግን በፊርማ የተደገፈ የ21,000 ብር ቀሪ ሒሳብ አመጣ፣ እሱ ተከፈለ።

ከ186,000 ላይ 21,000 ሲነሳ 165,000 ቀረ። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 55,000 ብር።

ለየልጁ የራሱ የባንክ ደብተር

ይህን ካላደረጋችሁ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። የልጆቹን ገንዘብ ከራሳችሁ ሒሳብ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሁለቱንም ልጆች እርስ በርስ አትቀላቅሉ። የሞግዚትነት ውሳኔውንና የልደት ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ በልጁ ስም፣ በእናንተ ሞግዚትነት ሒሳብ ክፈቱ። ለኔ አንድ ሒሳብ ይበቃ መስሎኝ ነበር። የባንኩ ሠራተኛዋ ናት «ልጅቷ 18 ሲሞላት የትኛውን ታወጪላታለሽ?» ያለችኝ።

ወላጆች የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበሩ ጡረታ አለ። የሟች ልጅ እስከ 18 ዓመቱ የተተኪ አበል ይከፈለዋል። የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፣ ሟቹ የትኛው ውስጥ እንደነበረ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። አበሉም በልጁ ሒሳብ ይግባ።

እድሩ የሰጠውን ለቀብርና ለለቅሶ አውሉት። እቁብ ግን ቁጠባ ነው። ሟቹ ጥሎ ያልደረሰው እቁብ ካለ ሰብሳቢውን አናግሩ፣ የንብረቱ ዝርዝር ላይ አስገቡት።

የወር ሒሳብ፣ በቁጥር

ሦስቱ ሰርቪስ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 4,500 ብር ይከራዩ ነበር። ድምሩ 13,500 ነው። ከዚህ ላይ የግቢው ውሃና መብራት 900፣ ለጥገና የማስቀምጠው 600፣ በድምሩ 1,500 ይነሳል። የተጣራው 12,000 ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ይመጣል። ይህ 12,000 የትንንሾቹ ብቻ አይደለም። ሦስት ወራሽ ነው ያለው። 4,000 የትልቁ ነው፣ በየወሩ በፊርማ ይወስዳል። ለሴቷ 4,000፣ ለትንሹ 4,000።

ሴቷ፦ ትምህርት ቤት 1,600፣ ምግብና ሳሙና 1,400፣ ልብስና ደብተር 300። ወጪ 3,300፣ ቀሪ 700 ወደ ሒሳቧ።

ትንሹ፦ ትምህርት ቤት 1,200፣ ምግብና ሳሙና 1,400፣ ልብስና ደብተር 200። ወጪ 2,800፣ ቀሪ 1,200 ወደ ሒሳቡ።

ሞግዚትነት በመሠረቱ ደመወዝ የለውም። «እኔም እኮ እየደከምኩ ነው» ብሎ ለራስ መቁረጥ አይቻልም። በእርግጥ ሥራው ከባድ ከሆነ ፍርድ ቤትን አመልክቶ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፣ ፍርድ ቤት ሳይፈቅድ ግን አንድ ብር አትንኩ። ምግብ ላይ ያለው 1,400 ልጁ የበላው ነው እንጂ የኔ ቤት አስቤዛ አይደለም። መጀመሪያ ወር ላይ ዘይቱን በሙሉ እነሱ ላይ ጽፌው ነበር፣ አምስት ሰው የሚበላውን። ሰረዝኩት።

ደብተሩ ቀላል ይሁን። ቀን፣ ምን፣ ስንት፣ ደረሰኝ ቁጥር። ደረሰኝ የሌለው (ጉሊት ደረሰኝ አትሰጥም) ከሆነ «ያለ ደረሰኝ» ብላችሁ ጻፉ። ከአንድ ሺህ ብር በላይ ለሆነ ነገር ያለ ደረሰኝ አልገዛም ብዬ ወሰንኩ፣ የራሴ ሕግ ነው። ደረሰኞቹን በየወሩ በፖስታ አሽጌ በካርቶን አስቀምጥ ነበር። የሙቀት ወረቀት ደረሰኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ይነጣል፣ ስለዚህ ስትቀበሉት ፎቶ አንሱት።

ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የማይነኩ

ኪራይ መሰብሰብ፣ ቆርቆሮ ማስቀየር፣ ትምህርት ቤት መክፈል ለእናንተ የተተወ ነው። ቤት መሸጥ፣ ቤቱን ለባንክ መያዣ ማስያዝ፣ በልጁ ስም መበደር፣ የልጁን ገንዘብ ለሌላ ማበደር ግን ፈቃድ ይፈልጋል። የልጁን ንብረት ለራሳችሁ መግዛትማ አይታሰብ። «ለሦስት ወር ብቻ ሱቄ ላይ ልጠቀምበትና እመልሳለሁ» የሚለው በጣም የተለመደው ጥፋት ነው፣ ብዙውም በክፉ ልብ አይጀመርም።

መኪናው ቆሞ እየዛገ ነበር። ለፍርድ ቤቱ ያቀረብኩት ከሦስት ቦታ የተገኘ የዋጋ ግምት፣ የመኪናውን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶና አንድ አንቀጽ ማብራሪያ ነው፦ በቆመ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ የሚነዳው የለም፣ ገንዘቡ ለሦስቱ ተከፍሎ የትንንሾቹ ድርሻ በየሒሳባቸው ይገባል። ፈቃዱ መጣ፣ ሸጥን፣ የገቢውን ወረቀት ለመዝገቡ አያያዝኩ።

ቤቱ ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። ትልቁ ውጭ አገር መሄድ አሰበ፣ «ቤቱ ይሸጥና ድርሻዬን ስጡኝ» አለ። ወራሽ ነው፣ መጠየቅ መብቱ ነው። ግን እኔ የቆምኩት ለሁለቱ ነው። ቁጭ ብለን አሰብነው። ልጆቹ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከፊት ባለው ቤት ነው። ከተሸጠ ሁለት ሦስተኛው በጥሬ ገንዘብ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዋጋው በየዓመቱ ይሟሟል፣ ኪራዩ ይቀራል፣ እነሱ ደግሞ ተከራይ ይሆናሉ። ይህን ለማንኛውም ዳኛ ብናገር «የልጆቹ ጥቅም የት አለ?» ነው የሚለኝ። ሴቷንም ጠየቅኋት፣ በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ በትልልቅ ጉዳይ ላይ መጠየቅ አለበት። «ትምህርት ቤቴ ቅርብ ነው» አለች። በመጨረሻ ትልቁ የኪራይ ድርሻውን እየወሰደ ትንሹ 18 እስኪሞላው ሊጠብቅ ተስማማ፣ በጽሑፍ አደረግነው።

አንድ ደላላ በመሀል «መጀመሪያ ውል ተዋውለን ቀብድ እንቀበል፣ ፈቃዱ በኋላ ይወጣል» ብሎኝ ነበር። እንዳትሞክሩት። ያለ ፈቃድ የተሸጠ የልጅ ቤት ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብዱን መልሱ የምትባሉት እናንተ ናችሁ። ገዢ ከሆናችሁም እንደዚያው፤ ሻጩ «ሞግዚት ነኝ» ካለ የሞግዚትነት ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ለዚያ ሽያጭ የተሰጠውን ፈቃድ ጠይቁ። ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው።

ሞግዚቱ ሲያበላሽ እንዴት ይታወቃል?

ይህ ለቀሩት ዘመዶች ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት በክፍያ ምክንያት ሲመለስ፣ ግቢው ግን ኪራይ እያስገባ ከሆነ። ተከራዮቹ ኪራይ የሚከፍሉት በልጁ ሒሳብ ሳይሆን በሞግዚቱ ስልክ ከሆነ። «ሂሳቡን አሳየን» ሲባል «አታምኑኝም እንዴ?» የሚል መልስ ከመጣ። ያን ጊዜ ከዘመድ አንዱ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል፣ ሂሳብ እንዲያቀርብ ይታዘዛል፣ ጥፋት ከተገኘ ይሻራል፣ ያጎደለውንም ይከፍላል። በሽምግልና ብቻ የተያዘ ነገር ግን ወረቀት ስለማይኖረው ኋላ ልጁን አይጠቅመውም።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ ለልጆቹ የምትልኩት ገንዘብ ለማን እንደሆነ ጻፉ። አንዷ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትልክ «ለትንሹ ጫማ» ብላ ትጽፍልኝ ነበር። ሂሳቡ ላይ የት እንደማስገባው አልጨነቅም።

18 ሲሞላ

ሞግዚትነቱ ያበቃል፣ ሂሳብ ማስረከብ ይመጣል። ባለፈው ጥር ልጅቷ 18 ሞላት። ለትንሹ ሞግዚት ሆኜ እቀጥላለሁ፣ የእሷን ግን ዘጋሁ። አንድ ገጽ ማጠቃለያ ሠራሁ፦ በመጀመሪያ የተረከብኩት፣ በየዓመቱ የገባው፣ የወጣው፣ ሒሳቧ ላይ ያለው። ከሥሩ ደብተሮቹና የደረሰኝ ፖስታዎቹ። ወርቁን እዚያው ወርቅ ቤት ወስደን ድጋሚ አስመዘንን፣ ከድሮው ዝርዝር ጋር ገጠመ። ፈርሚ ከማለቴ በፊት «ወስደሽ አንብቢው፣ ሳምንት ውሰጂ» አልኳት።

ሦስት ቀን ፈጀባት። አንድ መስመር ላይ እስክሪብቶ አድርጋ መጣች። «አክስቴ፣ ይሄ ሁለተኛው ዓመት ላይ ያለው 350 ብር ምንድን ነው? ያለ ደረሰኝ ይላል።»

አሰብኩ። የሚኒ ሚዲያው ክበብ ቲሸርት ነበር፣ ጉሊት አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ። ቲሸርቱን ሄዳ ከቁም ሳጥኑ አወጣችው፣ ትንሹ ነው አሁን የሚለብሰው። ከፊርማዋ አጠገብ «350ው ታውቋል» ብላ ጻፈች።